ለፋሲካ ዶሮና ለቅርጫ ጥሬ ሥጋ፦ ቢራውን ከየትኛው፣ ወይኑን ከየትኛው እናቅርብ?

ደሴ ላይ የፋሲካ ገበታ ሁለት ጌታ አለው። አንዱ ዶሮ ወጡ ነው። ሌላው ከቅርጫው የደረሰን ጥሬ ሥጋ ነው። መጠጡ ግን ብዙ ጊዜ ሳይለይ አንድ ላይ ይደረደራል። ቢራውም ወይኑም ጠረጴዛው ላይ ይቆማል፣ እንግዳው ያሻውን ያነሳል። ከዚያ አንዱ ደረቅ ቀይ ወይን ይቀዳና ዶሮውን ጎርሶ ይጎነጫል። ፊቱን ጨምደድ አድርጎ «ይሄ ወይን ይመራል» ይላል፣ ብርጭቆውን ገፋ ያደርጋል። ወይኑ ግን ምንም አልሆነም። የማይስማማው ምግብ አጠገብ ነው የቀረበው። ያንኑ ጠርሙስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሽንጥ ሥጋ ጋር ቢቀምሰው ይወደዋል።

የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። ለዶሮ ወጡ ቀዝቃዛና ቀለል ያለ ቢራ። ለጥሬ ሥጋው ደረቅ ቀይ ወይን። ቢራ የማይወድ እንግዳ ካለ ለወጡ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭነት ያለው ወይን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደሆነና እንዴት እንደሚደረግ ነው።

1. መጀመሪያ ወጡን ቅመሱ

መጠጥ የሚመረጠው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ድስቱ አጠገብ ነው። ወጡ ሊወጣ ሲል በትንሽ እንጀራ ከመረቁ ብቻ ቅመሱ። ሥጋውንም እንቁላሉንም ተዉት። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በርበሬው ምን ያህል ያቃጥላል? ሽንኩርቱ ምን ያህል ጣፍጧል? ቅቤው ምን ያህል ነው?

ጥሩ ዶሮ ወጥ ለሰዓታት የበሰለ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ይጣፍጣል። ያ ጣፋጭነት በበርበሬው ስር ተደብቆ ስለሚኖር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ደረቅ ወይን ግን ያጋልጠዋል። ጣፋጭ ነገር ከቀመስን በኋላ ደረቅ ወይን ስንጠጣ ወይኑ ከነበረው በላይ ኮምጣጣና መራራ ይሆንብናል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ደረቅ ወይንን በሁለት በኩል ይጎዳዋል፤ በሽንኩርቱ ጣፋጭነትና በበርበሬው ማቃጠል።

የበርበሬው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ምላሳችን ላይ የሚቀሰቅሰው ትኩስ ነገር ሲነካን የሚነቃውን ያንኑ ነርቭ ነው። ለዚህ ነው «ያቃጥላል» የምንለው፤ ለሰውነታችን በእርግጥም እሳት ይመስለዋል። አልኮል ደግሞ ይህንኑ ነርቭ የበለጠ ስሜታም ያደርገዋል። አልኮሉ በጨመረ ቁጥር ቃጠሎው ይብሳል። ቢራ በአብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ወይን ከ11 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል። አረቄማ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ በሚጥሚጣ ላይ አረቄ የወሰደ ሰው እንባው የሚመጣው በከንቱ አይደለም።

«አልኮል ቃሪያን ያሟሟል፣ ስለዚህ ያበርዳል» የሚል ነገር ትሰሙ ይሆናል። ካፕሳይሲን በአልኮልና በቅባት እንደሚሟሟ እውነት ነው። ግን በቢራ ወይም በወይን ውስጥ ያለው አልኮል አፍን ለማጠብ አይበቃም። ለማባባስ ግን ይበቃል። አፍን በእውነት የሚያበርደው አይብ ነው። ቅባቱና የወተቱ ፕሮቲን በርበሬውን ይዘው ይሄዳሉ። አይብ ከዶሮ ጋር የሚቀርበው ለጌጥ አይደለም፤ ማዕዱ ላይ ካልተቀመጠ የትኛውም መጠጥ ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ወጡ በጣም ትኩስ ሆኖ ከቀረበም ቃጠሎው እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም ነርቩ ያው አንድ ነው። ከድስት አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት።

2. ለዶሮ ወጡ ቢራ ምረጡ

ከወጥ ጋር የሚሄድ ቢራ ሦስት ነገር ያሟላ። አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ምሬቱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ቀዝቃዛ። እኛ አገር በብዛት የሚጠጡት ቢጫ ቢራዎች፣ ጊዮርጊስን፣ ዳሽንን፣ ዋልያን፣ ሐበሻን ጨምሮ፣ ላገር የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት ናቸው። ለዚህ ሥራ ማንኛቸውም ይበቃሉ። በመካከላቸው ያለው የጣዕም ልዩነት በበርበሬ ላይ ሲሆን በጣም ይጠባል። የለመዳችሁትን ግዙ። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ስላላት በሁለቱም ከተሞች ቢራ አይጠፋም። ሆኖም ለበዓል ዋዜማ ሳይሆን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ግዙ። በዋዜማው ቢራ ቢገኝ እንኳ የቀዘቀዘ አይገኝም።

ምሬት ላይ ተጠንቀቁ። የቢራ ምሬት የሚመጣው ሆፕስ ከሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ነው። በርበሬ ምሬትን ያጎላል። ሆፕሱ የበዛበት ወይም ጠቆር ያለና የተቆላ ገብስ የሚሸት ቢራ ለብቻው ቢጥምም በዶሮ ወጥ ላይ አፍ ውስጥ ይከብዳል። ቀላ ያለ፣ ብቅሉ ጎላ ብሎ ምሬቱ ያነሰ ቢራ ካገኛችሁ ግን በጣም ጥሩ ነው። የብቅሉ ጣፋጭነት ከተቁላላው ሽንኩርት ጋር ይገጥማል። ጠላም በዚሁ ሚዛን ይለካል። ጌሾው የበረታበት ጠላ ለወጡ አይመችም፣ ለጋው ይሻላል። ጠጅ ጣፋጭ ከሆነ ይስማማል፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ በትንሽ ብርሌ፣ ቀዝቀዝ ብሎ።

አቀዳዱም ለውጥ ያመጣል። የቢራ ጋዝ በርበሬ የነካውን አፍ ይወጋል። ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚጠጣ ሰው ጋዙን ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ ይቀበላል። በብርጭቆ ቅዱለት። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጀምሩ፣ መሀል ላይ ቀና አድርጉትና ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይያዝ። አረፋው ከጋዙ ከፊሉን ይዞ ይወጣል፣ ቢራውም ይለሰልሳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ያልቀዘቀዘ ወይም መኪና ላይ ሲናጥ የመጣ ቢራ ሲከፈት በቀላሉ ይገነፍላል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ ያመጣችሁትን ሳጥን ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳርፉት።

3. ቢራ ለማይጠጡ ለስላሳ ወይን

ቢራ የማይወዱ እናቶችና አባቶች በየቤቱ አሉ። ለእነሱ ከዶሮ ወጥ ጋር ጣፋጭነት ያለው ወይን አቅርቡ። ስኳር የቃጠሎን ስሜት ይቀንሳል፣ ከሽንኩርቱም ጣፋጭነት ጋር አይጣላም። አካሺያ ከሚባለው ወይን መለያው ላይ «ሚዲየም ስዊት» የሚለው፣ ቀዩም ነጩም፣ ለዚህ ይሆናል። ከአዋሽ ወይኖች አክሱማይት ጣፋጭ ስለሆነ ከወጥ ጋር አይጣላም። ሱቅ ስትገቡ ስሙን ብቻ አትዩ። አንዱ ስም ደረቅም ጣፋጭም ወይን ሊኖረው ይችላል። «ድራይ» የሚለው ደረቅ ማለት ነው። ለወጡ እሱን አታንሱ።

እነዚህን ወይኖች ቀዝቀዝ አድርጉ። ነጩ ከፍሪጅ እንደወጣ ይቅረብ። ጣፋጩን ቀይ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ካቆያችሁ በኋላ አውጡት። ቀይ ወይን ቀዝቅዞ አይጠጣም የሚለው ልማድ እዚህ አያገለግልም። ሞቅ ያለ ጣፋጭ ቀይ ወይን በበርበሬ ላይ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ወይንን በኮካ ወይም በስፕራይት መቀላቀል የተለመደ ነው። አንዳንዱ ሲያይ ይስቃል። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን የሚቀላቅለው ሰው ልክ ነው። ስኳሩ ይጨምራል፣ አልኮሉ ይቀንሳል፣ መጠጡ ይቀዘቅዛል። ሦስቱም በርበሬው የሚፈልጋቸው ናቸው። እኔ የማዝነው ለጥሬ ሥጋው የገዛነው ጥሩ ደረቅ ወይን በዚህ ሲያልቅ ብቻ ነው። ለመቀላቀያ ርካሹን ለዩ።

4. ለጥሬ ሥጋው ደረቅ ቀይ

አሁን ነገሩ ይገለበጣል። ጥሬ ሥጋ ጣፋጭነት የለውም። ያለው ፕሮቲን፣ ጮማና ከአዋዜው የሚመጣ ጨው ነው። ደረቅ ቀይ ወይን ደግሞ ታኒን አለው። ታኒን ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን እንደሚያደርቀው ያለ ነገር ነው፤ የሚመጣው ከወይን ፍሬው ቆዳና ከዘሩ ነው። አፍ የሚያደርቀው የምራቃችንን ፕሮቲን ስለሚይዝ ነው። ሥጋ ስንበላ ግን የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን ያገኛል። ጨውና ጮማም ያለሰልሱታል። ወይኑ ብቻውን ሲጠጣ ሻካራ የነበረው ሥጋ ላይ ለስላሳ ይሆናል። ከዚያም አልፎ ጮማው አፍ ላይ የለቀቀውን ቅባት ይጠርገዋል፣ ቀጣዩ ቁራጭ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል።

ለዚህ ጉደር ይበቃል። ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ ደግሞ ሜርሎና ሲራ የሚባሉት ዓይነቶች አሉት። ከሁለቱ ለጥሬ ሥጋ ሜርሎውን እመርጣለሁ። ታኒኑ ለዘብ ይላል፣ የፍሬ ጣዕሙም ቀድሞ ይመጣል። በጣም ኃይለኛና በእንጨት በርሜል ረጅም ጊዜ የቆየ ወይን ለተጠበሰ ሥጋ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ የጥብስ ጭስና የተለበለበ ጣዕም ስለሌለው የበርሜሉ ጣዕም ይጫነዋል።

የሥጋው ብልትም ይለያያል። ሻኛው ጮማ ስለሆነ ታኒን ያለው ወይን ይወዳል፣ ቢራም ይስማማዋል፤ ጋዙ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ቀይ ሥጋው፣ ለምሳሌ ሽንጡ፣ ጣዕሙ ስስ ነው። እሱ ላይ ወይኑ ለዘብ ያለ ይሁን።

የወይኑ ጠላት ሥጋው ሳይሆን ማጣፈጫው ነው። አዋዜ ውስጥ ነክሮ የሚያወጣ ሰው ወደ ዶሮ ወጡ ችግር ተመለሰ ማለት ነው። ለዚህ አዋዜውን በትናንሽ ሳህን ለየብቻ አቅርቡ። ሥጋውን በአንድ ጠርዝ ብቻ ነካ ማድረግ ይበቃል። ሚጥሚጣ ከአዋዜ የባሰ ነው፣ ደረቅ ስለሆነ ምላስ ላይ ይለጠፋል። ሰናፍጭ ግን የተለየ ነው። የእሱ ኃይል አፍንጫ ላይ ይወጣና ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ከደረቅ ወይን ጋር ከሦስቱ የተሻለው ሰናፍጭ ነው። አንድ ሁለት ትንፋሽ ጠብቆ መጎንጨት ብቻ ነው።

ክትፎ በመሀል ነው። ሥጋው ጥሬ ቢሆንም በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ የታሸ ነው። ሚጥሚጣው ለስለስ ካለና አይቡ ከበዛ ደረቁ ወይን ይሄዳል። ሚጥሚጣው ከበረታ ወደ ቢራው ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ መናገር አለብኝ። አረቄም ወይንም ጥሬ ሥጋን አያጸዳም። የኮሶ ትል እጭ በሥጋው ውስጥ ካለ በላዩ የሚጠጣው መጠጥ አይገድለውም። በአዋዜውም በሰናፍጩም አይሞትም። መፍትሔው ከመጠጡ በፊት ነው፤ በሬው በእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲታይ አድርጉ፣ ወይም ከቄራ የተመረመረ ሥጋ ግዙ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ጥሬውን ይተዉ።

5. ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ

በጣም ብዙ ገበታ የሚበላሸው እዚህ ነው። ልማዱ ዶሮው መቅደሙ ነው፣ ደግሞም መቅደም አለበት። ችግሩ የሚመጣው በዶሮው ጣፋጭ ወይን የጠጣ ሰው ወዲያው ወደ ደረቁ ሲሻገር ነው። ጣፋጩ ምላሱ ላይ እያለ ደረቁ ሆምጣጤ ይመስለዋል። ለወጡ ቢራን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ቢራ ከኋላው ለሚመጣው ደረቅ ወይን መንገድ አይዘጋም።

በዶሮውና በሥጋው መሀል ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይኑር። በርበሬው ከምላስ እስኪለቅ ጊዜ ይፈልጋል። ማዕዱን አንሱ፣ እጅ አስታጥቡ፣ አይብ ከትንሽ እንጀራ ጋር አዙሩ፣ ውኃ ስጡ። የአምቦ ውኃ የምትሰጡ ከሆነ አይቡን አስቀድሙ። አፉ እየነደደ ለሰው አምቦ ውኃ ብትሰጡት ይወጋዋል። ሥጋው ተቆርጦ እስኪመጣ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ያልፋል።

ጣፋጩን ወይን የጠጡት ደግሞ እስከ መጨረሻው በዚያው ይቆዩ። ከጥሬ ሥጋ ጋር የግድ ደረቅ ይጠጡ ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም።

6. ማቀዝቀዝ፦ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም

ሁለቱ ከተሞች በመኪና ብዙም አይራራቁም፣ አየራቸው ግን ይለያያል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ፋሲካ ብዙ ጊዜ በሚውልበት ሚያዝያ ኮምቦልቻ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቀይ ወይን ይሞቃል። ከመቅዳታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ደሴ ላይ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ውስጥ ካደረ ለደረቅ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሚሆነውን ልክ ያለ ፍሪጅ ሊያገኝ ይችላል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ጠርሙሱን በእጃችሁ ስትይዙት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ግን እጅ የማይቆረጥም ከሆነ ልኩ ነው።

ቢራው ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ ይሁን፣ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ያድር። መብራት ከሄደ ሰፊ ሳፋ አምጡ። በረዶና ውኃ እኩል አድርጋችሁ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ንከሩ፣ ሁለት ሦስት እፍኝ ጨው በትኑበት። ብዙ ሰው በረዶውን ብቻ ይከምራል፤ በበረዶ መሀል ያለው አየር ቅዝቃዜ አያስተላልፍም። ውኃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ፍሪዘር ውስጥ ቢራ ከትታችሁ ግን አትርሱ። ሲረጋ ይሰፋል፣ ጠርሙሱም ይፈነዳል።

7. በፊት ሞክሩት

እንግዳ ከመምጣቱ በፊት፣ ወጡ በደረሰበት ማታ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ይህን አድርጉ። ሦስት የቡና ስኒ አምጡ። በአንዱ ቢራ፣ በአንዱ ጣፋጭ ወይን፣ በአንዱ ደረቅ ወይን ትንሽ ትንሽ ቅዱ። መጀመሪያ ሦስቱንም ያለ ምግብ ቅመሱ። ደረቁ ወይን እዚህ ደህና ነው፣ የፍሬው ጣዕም አለ።

ከዚያ መረቅ የነካ አንድ ጉርሻ ጎርሱ። ስትውጡት ቢራውን ጎንጭ በሉ። ቅዝቃዜው መጀመሪያ ይዳስሳችኋል፣ ጋዙ ትንሽ ይወጋል፣ ቃጠሎው ለአፍታ ይረግብና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሲመለስ ከነበረበት አይበልጥም። አይብ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። በጣፋጩ ወይን ድገሙት። ቃጠሎው ይለዝባል፣ የሽንኩርቱ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። እንደገና ጠብቁና በደረቁ ድገሙ። የምላሳችሁ ጎንና ድዳችሁ ይደርቃል። የፍሬው ጣዕም ይጠፋል። ቃጠሎው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ይቆያልም። ይህን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ጠርሙሶቹንም በዚሁ አጋጣሚ ትፈትሻላችሁ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ቢራ ደስ የማይል፣ ቆሻሻ ሽታ ያመጣል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ከቡናማው ቶሎ ይጠቃል። ወይኑ ሆምጣጤ ወይም የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ለማንም አትስጡት። አንዱ ጠርሙስ ከተበላሸ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ከፍታችሁ አሽትቱ።

8. አንድ ገበታ በምሳሌ

12 እንግዳ ጠርተናል እንበል። 3ቱ አልኮል አይነኩም፣ 2ቱ ቢራ አይወዱም፣ 7ቱ ቢራም ወይንም ይጠጣሉ።

ለ7ቱ በዶሮው ጊዜ ሁለት ሁለት ቢራ ብናስብ 14 ጠርሙስ ነው። አንድ ሳጥን 24 ስለሚይዝ ሻኛ ላይ ቢራ ለሚመርጡት ጭምር ይተርፋል። ለ2ቱ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ወይን። አንድ የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ይበቃቸዋል። ለ7ቱ ደግሞ በሥጋው ጊዜ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ደረቅ ስናስብ 14 ብርጭቆ ነው፣ ማለትም 3 ጠርሙስ። ከዚህ በላይ መግዛት አያስፈልግም።

ለ3ቱ የሚቀርበው ነገር የተረፈ መሆን የለበትም። ወሎ ላይ ከጎረቤት ሙስሊም ቤተሰብ ጋር መገባበዝ የኑሯችን ወግ ነው። እነሱ በወጋቸው ያረዱት ለብቻው ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፤ መጠጡም እንዲሁ ይታሰብበት። ብርዝ ለበርበሬ ከወይንም ይሻላል፣ ጣፋጭ ነው፣ አልኮል የለውም። ሳይፈላ ግን በዕለቱ ይበረዝ፤ ካደረ መፍላት ይጀምራልና አታቅርቡላቸው። አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥም አለ። ብርጭቆው ቢራና ወይን ያልነካው ይሁን፣ በሌላ ትሪ ይምጣ።

ሰዓቱን እንዲህ አስቡት። እንግዶች በ6 ሰዓት ተኩል ይመጣሉ። ድፎ ዳቦው ይቆረሳል። በ7 ሰዓት ዶሮው ሲቀርብ ቢራው ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ከረጅም ጾም የወጣ ሆድ ባዶውን መጠጥ ሲያገኝ ጥሩ አይደለም። 8 ሰዓት ሲሆን ማዕዱ ይነሳል፣ አይብና ውኃ ይዞራል። ደረቁ ወይን በዚህ ጊዜ ይከፈትና ትንሽ ይናፈስ። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ሥጋው ይቀርባል። ጎድኑን የያዘው ሰው እየቆረጠ ሲያድል የወይኑ ብርጭቆ እስከ ግማሽ ብቻ ይቀዳል።

መሀል ላይ አንድ ትልቅ ሰው ደረቁን ወይን አዋዜ ላይ ጠጥተው ፊታቸው ከተቋጠረ ማብራሪያ አታብዙ። «ጋሼ፣ ይሄ ይቆይና ቀዝቃዛ ቢራ ልክፈትልዎ? አይቡንም ላቅርብልዎ» ይበቃል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ውኃ ከጠየቀና የወይን ብርጭቆዎች ሳይነኩ ከቆሙ ደግሞ አዋዜው ወይም ሚጥሚጣው በርትቷል ማለት ነው። አዋዜውን ቀነስ አድርጉ፣ ሰናፍጩን ወደ መሀል አምጡ፣ ወይኑን ሩብ ሰዓት ፍሪጅ መልሱት።

ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ሰው ካለ ሹፌሩን ገና ከጅምሩ ጠይቁ። ሐረጎን ቁልቁል የሚነዳው ሰው ከ3ቱ ትሪ ይጠጣ።

የተከፈተ ደረቅ ወይን ከተረፈ በቡሹ ድፈኑትና ፍሪጅ ውስጥ አቁማችሁ አስቀምጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በማግስቱ የቀረውን ሥጋ ስትጠብሱ ከጥሬው ይልቅ እዚያ ላይ የሚጥምበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ ሲራውን የገዛችሁ ከሆነ። ያልተከፈተውን ቢራ ሳጥኑ ውስጥ መልሱና ጨለማ ቦታ አኑሩት። ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርሳል።